ከቁራኛ ወደ ደመወዝ፦ ስለ ፍርድ አፈጻጸም ቃላት

«ቁራኛ» በቀድሞው ሥርዓት አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት የሚተሳሰሩበት ነበር፤ ገንዘብ ያጣ ሰው በአካሉ ይያዛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን «መያዝ» የሚለውን ግስ በዋነኛነት ወደ ሀብት አዞረው።

ለአብነት፣ ይጁቤ ውስጥ 18,000 ብር እንዲከፍል የተፈረደበት ሰው «የለኝም» ይላል እንበል። የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን ስለ ሀብቱ ሊመረምረው ይችላል። ሰውየው በግል ድርጅት 6,000 ብር ደመወዝተኛ ሆኖ ቢገኝ ትእዛዙ ለአሠሪው ይጻፋል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝ ሲሶ ስለማይበልጥ፣ በወር 2,000 ብር እየተከፈለ ዕዳው በ9 ወር ያልቃል። ተርጓሚ ይህን «ደመወዝ መያዝ» ቢለው አንባቢ ደመወዙ በሙሉ የታገደ ይመስለዋል፤ ስለዚህ «ከደመወዝ መቀነስ» የሚለውን እንመርጣለን።

በባንክ ሂሳብ ረገድ ደግሞ «ማገድ» እና «መክፈል» መለየት አለባቸው። እግድ ገንዘቡ እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ ለባለመብቱ አያስተላልፈውም፤ ለዚህ የክፍያ ትእዛዝ ያስፈልጋል። የእግዱ ደብዳቤ ደመወዙ ወጪ ከሆነ በኋላ ከደረሰ የሚያገኘው ባዶ ሂሳብ ነው። ለአሠሪው የተጻፈው ትእዛዝ ግን ገንዘቡን ከምንጩ ያገኘዋል፤ የሚቋረጠው ባለዕዳው ሥራውን ሲለቅ ነው።