የመልስ ቁልፉን ሳይከፍቱ

የትምህርት ክፍል ኃላፊው ለባልደረባው «ረቂቅ ፈተናውን እንዲገመግሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ ብዙ ጊዜ የሚመለስለት የፊደል እርማት ነው። ደብዳቤው አንድ ነገር መጨመር አለበት፦ «የመልስ ቁልፉን ሳይከፍቱ፣ ሰዓት ይዘው እንደ ተማሪ ይሥሩት።»

ይህን የፊዚክስ ጥያቄ እንመልከት። በሰከንድ 20 ሜትር የምትጓዝ መኪና ፍሬን ተይዞ፣ ፍጥነቷ በእኩል መጠን እየቀነሰ በ5 ሰከንድ ውስጥ 40 ሜትር ሄዳ ቆመች። ፍጥነቷ በየሰከንዱ በስንት ቀነሰ? ቁልፉ «4» ይላል። ቁልፉን አይቶ የሚያነብ ገምጋሚ 20ን ለ5 አካፍሎ ያልፋል። ራሱ የሚሠራው ግን በርቀቱ ሲያሰላ 5 ያገኛል። ሁለቱም ከምርጫዎቹ መካከል አሉ! በርቀቱ ያሰላ ጎበዝ ተማሪ ያለ ጥፋቱ ነጥብ ያጣል። መፍትሔው 40ውን 50 ማድረግ ነው፤ ያኔ በሁለቱም መንገድ 4 ይመጣል።

ስለዚህ ቁልፉ በተለየ የታሸገ ፖስታ ይላክ፤ የኮርሱ ዝርዝርና የመመለሻው ቀንም አብረው ይግለጹ። ቀኑ ከኅትመቱ ዋዜማ ከሆነ ግን ስህተቱ ቢገኝም ማረሚያ ጊዜ የለም።