ዱባይ ላይ መሬት ስትገዙ ጠቅላላ ዋጋውን እንዴት ታሰላላችሁ?

በመጀመሪያ መለኪያውን አረጋግጡ። የባለቤትነት ሰነዱ ስፋቱን በካሬ ሜትር ሲጽፍ፣ ደላላው ዋጋውን ብዙ ጊዜ በካሬ ጫማ ይጠራል። 1 ካሬ ሜትር 10.764 ካሬ ጫማ ነው።

ሰነዱ 500 ካሬ ሜትር ይላል፤ የተጠየቀው ዋጋ በካሬ ጫማ 200 ድርሃም ነው እንበል። 200 በ10.764 ሲባዛ በካሬ ሜትር 2,152.80 ይመጣል፤ በ500 ሲባዛ ደግሞ 1,076,400 ድርሃም። ሳይቀይር 500ን በ200 ያባዛ ሰው 100,000 ብቻ ያገኛል። እንዲህ ያለ ርካሽ ቁጥር ስታዩ መለኪያው እንደተምታታ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ የመሬት መምሪያው የምዝገባ ክፍያ ይመጣል፤ ከሽያጩ ዋጋ 4 በመቶ፣ ማለትም 43,056 ድርሃም። ደንቡ ለገዢና ለሻጭ እኩል ቢያካፍለውም፣ በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን የሚከፍለው ገዢው ነው። ስለዚህ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ አስጽፉ፤ እኔ ይህን ሳላይ ማንንም አላስፈርምም። ሙሉው በእናንተ ላይ ከወደቀ ድምሩ 1,119,456 ድርሃም ይሆናል። የምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ የአገልግሎት ክፍያና የደላላው ኮሚሽን ገና አልተደመሩም።