ከአኩፋዳ እስከ ሒሳብ ቁጥር

በጎጃም ደጋ የቅኔ ተማሪ ልመና ሥርዓት አለው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ወይም ጥሬ ትሰጠዋለች። ከሌላት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለውና ወደ ቀጣዩ ደጅ ያልፋል። ለምን አልሰጠሽም የሚላት የለም። በዋሸራም ሆነ ቢቸና አጠገብ ባለው ዲማ ጊዮርጊስ ስንት የቅኔ መምህር በዚህ ቁራሽ አድጎ ወንበር ዘርግቷል።

ሌላ ዓይነት ልመናም አለ። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከበር ላይ ቆመው ያዜማሉ። የባለቤቱን ስም ቀድመው ከጎረቤት ስለሚጠይቁ በስሙ እየጠሩ ያወድሱታል። ከሰጠ ምርቃቱ ይወርድለታል፤ ከዘገየ ደግሞ ሽሙጡ ይጀምራል፣ ያውም ሰፈሩ እየሰማ። ብዙ ሰው የሚሰጠው ወዶ ይሁን አፍሮ፣ ራሱም አይለየውም።

ዛሬ በዩቲዩብ፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ለገዳማት፣ ለአብነት ትምህርት ቤቶችና ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ቪዲዮዎች የለበሱት የቆሎ ተማሪውን ደበሎ ነው፤ የብዙዎቹ አነጋገር ግን የላሊበሎች ነው። በቀጥታ ሥርጭት ላይ አቅራቢው ስም እየጠራ «እገሌ ገብተሃል፣ አይተንሃል፣ ስንት ልበል?» ሲል የጎሕ ዜማው በስልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ላሊበላ ማንም የሚያውቀውን ልማዱን ነው የሚያዜመው፣ የቪዲዮው አቅራቢ ግን የሚናገረው በሰማይ ስም ነው።

ተመልካቹን የሚያስጨንቁት አነጋገሮች ብዙ ዓይነት አይደሉም። «ይህን አይቶ ዝም የሚል ክርስቲያን ነው?» የሚለው ችግሩን ትቶ የተመልካቹን ሃይማኖት ለፍርድ ያቀርባል። «ለማኪያቶ ታወጣለህ፣ ለእመቤታችን ግን ትሰስታለህ» የሚለው የማያውቀውን ኪስ ይቆጥራል። ተመልካቹ ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ፣ ደመወዟ ሦስት ወር ያልተከፈላት እኅት ልትሆን ትችላለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ሳትሰጥ ብታልፍ በረከቱ ያልፍሃል» የሚለው ነው። ይህን ለማለት ሥልጣን የሰጠው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ከቆሮንቶስ ሰዎች መዋጮ ሲሰበስብ፣ ማንም በግድ ወይም እያዘነ እንዳይሰጥ ጽፏል። በዚያው መልእክት ገንዘቡን የሚያጓጉዙት ብዙ ሆነው እንዲሄዱ ያደረገው፣ ኋላ ማንም ነቀፋ እንዳያነሣ መሆኑንም ገልጿል። ስለ ልግስና የጻፈው በቪዲዮዎቹ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ስለ ገንዘቡ አያያዝ የጻፈው ግን እምብዛም አይሰማም።

ታዲያ እንዴት ይባል? ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ደብር በምሳሌ ትወሰድ። የጉባኤ ቤቱ የሣር ክዳን አርጅቶ በክረምት ያፈስሳል፤ በቆርቆሮ ይለወጥ ተባለ። የተለመደው ቪዲዮ በሚያሳዝን በገና ይከፈትና፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጠውን ሕፃን ፊት በቅርብ አሳይቶ፣ «የኔታ እያለቀሱ ነው፣ ጉባኤው ሊበተን ነው፣ አንተስ የት ነህ?» ይላል።

ያው ነገር በሐቅ ሲነገር ይህን ይመስላል። «የጉባኤ ቤታችን ጣሪያ በ3 ቦታ ያፈስሳል። 60 ቆርቆሮ፣ ምስማርና የአናጢ ዋጋ ተደምሮ 380 ሺህ ብር ያስፈልጋል። ምእመኑ እንጨቱንና ጉልበቱን ችሏል፤ 90 ሺህ ብርም አዋጥቷል። የቀረን 290 ሺህ ብር ነው። ሒሳቡ የተከፈተው በደብሩ ስም ሲሆን የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። ይህ የተቀረጸው በግንቦት ወር ነው። ገንዘቡ ሲሞላ ቪዲዮውን እናነሣለን፤ የሚተርፍ ካለ ለተማሪዎች ቀለብ ይውላል። መርዳት የምትችሉ እርዱን፤ ያልቻላችሁ በጸሎት አስቡን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።» አሃዙ ለምሳሌ የተቀመጠ ነው። ዋናው ነገር አሃዝ መኖሩ ነው። «የቻላችሁትን» ብቻ የሚል ጥሪ ማብቂያ ስለሌለው ሁልጊዜ እንደጎደለ ይኖራል፤ የሰጠውም ሰው ስጦታው የት እንደደረሰ አያውቅም።

ጉባኤው በእርግጥ ሊበተን ከሆነ መናገር ነውር የለበትም። ግን መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ይህን ያለውስ ማን ነው? የኔታ ራሳቸው «እስከ ሰኔ ካልተከደነ ተማሪ አልቀበልም» ካሉ በራሳቸው አንደበት ይነገር። አቅራቢው ከራሱ የጨመረው ከሆነ ግን ማስፈራሪያ ነው።

የተቀረጸበትን ጊዜ መናገር እዚህ ግባ የማይባል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለጎጃም ግን ብዙ ትርጉም አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በምስሉ ላይ የሚታየው ሰው በስሙ ምን እየተባለለት እንደሆነ ማየት አይችልም ነበር፤ ውጭ አገር ያለው ተመልካችም በኢንተርኔት ደውሎ ማጣራት አቅቶት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራ ጣሪያ ዛሬም «እያፈሰሰ» ሊታይ ይችላል።

ሒሳቡ በማን ስም እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በንግድ ባንክ የሞባይል መተግበሪያ ቁጥሩ ሲገባ ከመላኩ በፊት የባለ ሒሳቡ ስም ይወጣል። ደብሩ ተጠርቶ የግለሰብ ስም ከመጣ ቆም ማለት ይገባል። በቪዲዮው ላይ የደብሩ ደብዳቤ ከታየም በእርግጥ መጻፉን የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ወይም ደብረ ማርቆስ የሚገኘው የምሥራቅ ጎጃም ሀገረ ስብከት ሊያረጋግጥ ይችላል። ሌላም የማይነገር ገንዘብ አለ፤ ዩቲዩብ ለቻናሉ የሚከፍለው የማስታወቂያ ገቢ። ቻናሉ ካሜራና ነዳጅ ስለሚያስፈልገው ገቢውን መውሰዱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። «የምሰጠው ሁሉ ለደብሩ ነው» ብሎ ያመነው ተመልካች ግን እያንዳንዱ እይታ ለቻናሉ ገንዘብ እንደሚያመጣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገረው ይገባል።

ሕጉ እዚህ ላይ ክፍተት አለበት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። የሌለ ደብር ፈጥሮ ገንዘብ የሰበሰበን ሰው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 በአታላይነት ሊጠይቀው ይችላል። እውነተኛ ደብር ይዞ ተመልካቹን በማሸማቀቅ የሚሰበስበውን ግን አይነካውም። በብሪታንያ በ2015 እ.ኤ.አ. የብዙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ደብዳቤ ይጎርፍላቸው የነበሩ አንዲት የ92 ዓመት እናት ከሞቱ በኋላ ጉዳዩ አገር አነጋገረ። ቤተሰባቸው የሞታቸው ምክንያት ይህ አይደለም ቢልም፣ በዓመቱ የእርዳታ ማሰባሰብን የሚቆጣጠር አካል ተቋቋመ፤ ደንቡም ያልተገባ ጫናን ይከለክላል። እኛ ዘንድ የቀረበው መሣሪያ በቃለ ዓዋዲው የተዋቀረው ሰበካ ጉባኤ ነው። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ጽሑፉን አንብቦ «ይህን አላልንም፣ ይውጣ» ማለት ይችላል። በአብዛኛው ግን ጽሑፉን ቀድሞ የሚያሳየው የለም።

በቀላሉ የሚረሳው ደግሞ የኋለኛው ቪዲዮ ነው። ጣሪያው ከተከደነ በኋላ የሁለት ደቂቃ ቀረጻ ይበቃል፤ ይህን ያህል ገባ፣ ለቆርቆሮ ይህን ያህል ወጣ፣ ደረሰኙ ይኸው፣ የተረፈው ጤፍ ተገዝቶበታል። የሰጪዎችን ስም ማንበብ አያስፈልግም፤ ስም ሲነበብ ያልተነበበው ሁሉ ይሸማቀቃልና። የመጀመሪያው ጥሪም የሒሳብ ቁጥሩ እንዳለበት እንዳይዞር በዚያው ቀን ይነሣል።