«ክፍሌ ምድር ቤት ይሁንልኝ»

በክራንች የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሴሚስተሩ ፕሮግራም ሲለጠፍ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የክፍሉ ቁጥር ላይ ነው። ከአንዱ ፎቅ ወደ ቀጣዩ 20 ገደማ ደረጃ ቢኖር፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰጥ ትምህርት 60 ደረጃ መውጣትና 60 መውረድ ማለት ነው። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሌላ ሕንፃ ላይ ከሆነ፣ እሱ ሲደርስ መምህሩ ጀምሯል።

ጥያቄው አዲስ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 በአንቀጽ 40፣ ሁኔታና አቅም በፈቀደ መጠን ተቋማት ለእነዚህ ተማሪዎች ሲሉ የመማሪያ ክፍል እንዲያዛውሩ በግልጽ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1152 ቢተካም፣ ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 በከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል።

ችግሩ ያለው «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው። «ክፍል የለንም» የሚል መልስ በዚያ በኩል ይገባል። ስለዚህ ደብዳቤው ዝውውሩ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ማሳየት አለበት። «አካል ጉዳተኛ በመሆኔ ትብብር ይደረግልኝ» ብቻ ብሎ ከጻፈ ኃላፊው ከልቡ ያዝናል፣ «እናያለን» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። በምትኩ እንዲህ ቢጽፍስ?

«ለትምህርት ክፍሉ፦
ጉዳዩ፦ የመማሪያ ክፍል እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ
የግራ እግሬ ጉዳት ደረጃ እንዳልወጣ ያግደኛል፤ የሕክምና ማስረጃ አያይዣለሁ። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት በ304 የምንማራቸው ሁለት ኮርሶች ከነሴክሽናችን ወደ 104 እንዲዛወሩልን እጠይቃለሁ። በዚያ ሰዓት 104ን የሚጠቀመው ሴክሽን የተማሪ ቁጥሩ ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ መለዋወጥ ይቻላል። የፈተና ክፍሌም ምድር ቤት እንዲሆን እጠይቃለሁ።
ግልባጭ፦ ለሬጅስትራር፣ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ክፍል»

«ከነሴክሽናችን» የሚለው ቃል ትልቅ ነው። ተማሪውን ብቻ ምድር ቤት ወደሚማር ሌላ ሴክሽን ማዛወር ለቢሮው ይቀላል፤ እሱን ግን ከጓደኞቹና ከቡድን ሥራው ይነጥለዋል። ፈተናም ይረሳል፤ ሴሚስተሩን ምድር ቤት ተምሮ ለፋይናል አራተኛ ፎቅ የሚመደብ አለ። ላቦራቶሪ ግን መሣሪያው ተተክሎ ስለሚቀር በልውውጥ አይፈታም፤ ሊፍት ወይም ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል።

ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይሰጠው፣ አንድ ቅጂም ተማሪው ዘንድ ይቅር። በቃል የተገኘ «እሺ» ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ ተማሪው ሲመዘገብ ጉዳቱን ነግሯችኋል። የሚቀጥለውን ሴሚስተር ፕሮግራም ከመለጠፋችሁ በፊት የእሱን ሴክሽን ምድር ቤት መድቡት፤ ደብዳቤውን መጻፍም አያስፈልገው።