የተቆለፈን የዲቪ ፎርም ማስከፈት

የዲቪ ዕጣ የወጣለት ሰው የቪዛ ማመልከቻውን የሚሞላው ዲኤስ-260 በተባለው የኢንተርኔት ፎርም ነው። ፎርሙ ከተላከ በኋላ ይቆለፋል፤ ማየት ይቻላል፣ አንዲት ፊደል መለወጥ ግን አይቻልም። ስህተቱ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲያ ነው።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያስቸግረው የልደት ቀን ነው። መጋቢት 12 ቀን 1987 ዓ.ም. የተወለደች አመልካች እንውሰድ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 8 ጨምራ 1995 አለች፤ መጋቢትን ማርች አድርጋ ቀኑን ግን 12 እንዳለ ተወችው። መጋቢት 1 የሚውለው ማርች 10 ስለሆነ ትክክለኛው ልደቷ ማርች 21 ነው፤ ፓስፖርቷም የሚለው ይህንኑ ነው። ፎርሙና ፓስፖርቱ በዘጠኝ ቀን ተለያዩ ማለት ነው።

ኢሜይሉ የሚላከው በኬንታኪ ግዛት ወደሚገኘው የቆንስላ ማዕከል፣ በ KCCDV@state.gov ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች «ልደቴን አስተካክሉልኝ» ብለው ይጽፋሉ። የማዕከሉ ሠራተኞች ግን ፎርሙን ይከፍታሉ እንጂ የአመልካቹን መልስ አይለውጡም። ስለዚህ ጥያቄው «ፎርሙን ክፈቱልኝ» መሆን አለበት። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና በ2025AF የመሰለ ቅጥያ የሚጀምረው የጉዳይ ቁጥር ካልተጻፉ ፋይሉን ማግኘት ያስቸግራል። የተሳሳተው ራሱ ልደቱ ሲሆን ሁለቱንም መጥቀስ ይሻላል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው መልእክት ይዘቱ ከዚህ አይበልጥም፦

«የላክሁት ዲኤስ-260 ላይ ልደቴ ማርች 12 ቀን 1995 ተብሏል። ፓስፖርቴ ላይ እንዳለው ትክክለኛው ማርች 21 ቀን 1995 ነው። አስተካክዬ እንድልከው ፎርሙን እንድትከፍቱልኝ እጠይቃለሁ።»

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ማን እንደሞላው፣ ስንት እንቅልፍ እንደነሳ መተረክ አያስፈልግም። ያንኑ ጥያቄ በየቀኑ መደጋገምም ሥራ ከማብዛት በቀር የሚጠቅመው የለም።

መከፈቱን የሚገልጽ መልስ ሲመጣ ጉዳዩ አላለቀም። ተመልሶ ገብቶ ቀኑን ማረም፣ ከዚያም እንደ መጀመሪያው ፈርሞ እንደገና መላክ ያስፈልጋል። አርሞ ሳይልክ የወጣ ሰው ፎርሙ እንዳልተላከ ይቆጠራል። አዲሱን የማረጋገጫ ገጽም አትሞ መያዝ ነው።

ይህ መንገድ የሚያገለግለው ለዲኤስ-260 ብቻ ነው። መጀመሪያ ዕጣው ሲሞላ የተላከውን መረጃ ማንም ሊከፍተው አይችልም። በዚያን ጊዜ የነበረ የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን አለማስመዝገብ ቪዛውን ሊያስከለክል የሚችል ጉድለት ነው፤ በኢሜይልም አይድንም። የቀጠሮ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የታየ ትንሽ የፊደል ወይም የቀን ስህተት ደግሞ በቃለ መጠይቁ ዕለት ሰነድ ይዞ ለቆንስሉ ይነገራል።

ማዕከሉ ፎርም ለመክፈት ገንዘብ አይጠይቅም። «እኔ አስከፍትልሃለሁ» ብሎ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው የጉዳይ ቁጥርዎን አይስጡ።