በሁለት ገጽ የተነሣ ምንባብ፦ ጥያቄው የየትኛው አንቀጽ ነው?

በፈተና ዝግጅት ወቅት የምንባብ ገጾች በስልክ ካሜራ ተነሥተው ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋሉ። ምንባቡ በአንድ ገጽ ካለቀ ችግር የለም። በሁለት ገጽ የተከፈለ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የአንቀጾቹ ቁጥር ነው። ጥያቄው «በአንቀጽ 4» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው አንቀጽ 4 መስሎት ሌላ ቦታ ያነባል፤ የተጻፈውን በሚገባ ተረድቶም መልሱን ይስታል።

የስህተቱ ምንጭ የሁለተኛው ገጽ አናት ነው። አንድ አንቀጽ ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ተጀምሮ በሚቀጥለው ገጽ ሲያልቅ፣ ቀሪው ክፍል በፎቶው ላይ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይመስላል። እሱ እንደ አዲስ ከተቆጠረ ከዚያ በኋላ ያሉት አንቀጾች ቁጥር ሁሉ በአንድ ይዛባል።

ለምሳሌ ስለ እንሰት የተጻፈ ባለ አምስት አንቀጽ ምንባብ በገጽ 46 እና 47 ላይ ታትሟል እንበል። አንቀጽ 1 ተክሉ የሚበቅልበትን አካባቢ፣ አንቀጽ 2 ከሙዝ ጋር ያለውን መመሳሰል፣ አንቀጽ 3 የቆጮን አዘገጃጀት ይገልጻል። ገጽ 46 የሚያበቃው «ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩም ይቀጠቀጣል፤» በሚል መስመር ነው። ገጽ 47 ደግሞ «እነዚህ ሁለቱ ተደባልቀው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራሉ።» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ከኅዳጉ ገባ ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ «የእንሰት ቅጠልና ቃጫም ጥቅም አላቸው። እነዚህ ለምግብ ባይውሉም ለመጠቅለያና ለገመድ ያገለግላሉ።» ይላል።

ጥያቄው «በአንቀጽ 4 ‹እነዚህ› የሚለው ቃል ምንን ያመለክታል?» የሚል ነው። የገጽ 47ን አናት አንቀጽ 4 ያደረገ ተማሪ «ግንዱና ሥሩ» ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ «ቅጠሉና ቃጫው» ነው። ቃሉ በሁለቱም ቦታ ስላለ፣ ምርጫዎቹ ውስጥም ሁለቱ መልሶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ተማሪው መሳሳቱን የሚነግረው ነገር አያገኝም።

የገጹ አናት ቀጣይ መሆኑን ለማወቅ በመጀመሪያ የቀደመው ገጽ የመጨረሻ መስመር ይታያል። በአራት ነጥብ ካልተዘጋ አንቀጹ አላለቀም። በአራት ነጥብ ከተዘጋ ደግሞ መስመሩ እስከ ቀኝ ኅዳግ መድረሱ ይታያል፤ በአጭሩ የቀረ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የአንቀጽ መጨረሻ ነው። ከዚያ የሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ገባ ብሎ መጀመሩ ይመረመራል። አንዳንድ መጻሕፍት ግን አንቀጽን የሚለዩት በባዶ መስመር ብቻ ነው። በእነዚህ ላይ የግርጌው መስመር ሙሉ ሆኖ በአራት ነጥብ ከተዘጋ ምልክት ስለማይገኝ፣ ሐሳቡ መቀጠሉ ወይም መለወጡ በንባብ ይለያል።

ይህን ምርመራ የሚቻል የሚያደርገው የፎቶው ጥራት ነው። መጽሐፍ ተከፍቶ ሁለቱ ገጾች በአንድ ላይ ሲነሡ ወረቀቱ ወደ ስፌቱ ስለሚጎብጥ፣ የግራው ገጽ የመስመር መጨረሻዎችና የቀኙ ገጽ የመስመር መጀመሪያዎች በጥላ ይዋጣሉ። የሚጠፉት ደግሞ አራት ነጥቡና የመስመሩ ገባ ማለት ናቸው፤ አንቀጽን የሚለዩት ምልክቶችም እነሱው ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው፣ አራቱም ጠርዝና የገጽ ቁጥሩ እንዲታይ ሆኖ ይነሣል። ምንባቡ በጎዶሎ ቁጥር ገጽ ከጀመረ ቀጣዩ ከቅጠሉ ጀርባ ነው፤ 47 እና 48 ፊት ለፊት አይገናኙም። በቴሌግራም ሲላክ ምስሉ እንደ ፎቶ ሳይሆን በ File በኩል ቢላክ አይጨመቅም፤ ጥቃቅን ፊደላትም አይደበዝዙም።

አንቀጾቹ በትክክል ከተቆጠሩ በኋላ ቁጥራቸው በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ላለው ቀሪ ክፍል «3 ቀጣይ» የሚል ምልክት ይደረግለታል። ከዚያ በየጥያቄው አጠገብ ገጹና አንቀጹ ይመዘገባል፤ ከላይ ላለው ጥያቄ «ገጽ 47፣ አንቀጽ 4» ይሆናል። የአንቀጽ ቁጥር ያልተሰጠው ዝርዝር ጥያቄ ቦታው የሚገኘው በቁልፍ ቃሉ ነው። «ቆጮ የሚቀበረው የት ነው?» የሚለውን ለመመለስ «ጉድጓድ» የሚለው ቃል ወደ ገጽ 47 አናት፣ ማለትም ወደ አንቀጽ 3 ይመራል። ጥያቄው ምንባቡን በሌላ ቃል ሊያነሣው ስለሚችል፣ «መሬት ውስጥ ማቆየት» የሚለውም ወደዚያው ቦታ እንደሚወስድ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሁሉም ጥያቄ ግን በአንድ አንቀጽ አይወሰንም። «ለምንባቡ ተስማሚ ርእስ የቱ ነው?» የሚለው ከሁለቱም ገጾች አንድ ላይ ይመለሳል። «እንሰት ከሙዝ በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄም ከአንቀጽ 2 በተጨማሪ የአንቀጽ 3ን ይዘት ሊፈልግ ይችላል። እንዲህ ላሉት አንድ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ «2 እና 3» ወይም «ሙሉው» ብሎ መመዝገብ ትክክለኛው አሠራር ነው።