በሰዓት ወይስ በቁርጥ? የጀማሪ ግራፊክ ዲዛይነር የዋጋ ስሌት

ግንበኛ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ነው በቁርጥ? በቀን ከሆነ ሥራው በተጓተተ ቁጥር የሚጎዳው ባለቤቱ ነው። በቁርጥ ከሆነ ደግሞ የተጓተተው ጊዜ ከግንበኛው ኪስ ይወጣል። ተቀጥሮ ሳይሆን በግሉ መሥራት የጀመረ ግራፊክ ዲዛይነርም የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። በሰዓት ላስከፍል ወይስ ለሥራው አንድ ዋጋ ልጥራ ሲል፣ በውስጡ ያለው ጉዳይ ሥራው ካሰቡት በላይ ቢረዝም ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው።

ለጀማሪ በሰዓት ማስከፈል የሚያዋጣ ይመስላል። አንድ ሎጎ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ገና ስለማያውቅ፣ የሠራሁትን ያህል ልከፈል ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ ደንበኛው ዘንድ ነው። ካፌ ሊከፍት የተነሳ ነጋዴ በጀቱን ለኪራይ፣ ለቡና ማሽንና ለወንበር ደልድሎ ጨርሷል። “በሰዓት 400 ብር” ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ስንት ሰዓት እንደሚቆጠርበት አለማወቁ ነው። ቀጥሎ 400 ብሩን ከሠራተኞቹ ደመወዝ ጋር እያወዳደረ ይከራከራል። ስለ ሥራው መነጋገሩ ይቀርና “እኅቴ፣ ሰዓት የሚባለውን ተይውና መጨረሻውን ንገሪኝ” ይላል። እንደ አፕወርክ ባሉ የኢንተርኔት የሥራ ገበያዎች በሰዓት መሥራት የተለመደው፣ የዲዛይነሩን ስክሪን በየጊዜው ፎቶ እያነሳ ሰዓት የሚመዘግብ ፕሮግራም በመሃል ስላለ ነው። ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራ ዲዛይነር ሰዓት ግን ለካፌው ባለቤት አይታየውም።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው ሂሳቡን በሰዓት ሠርቶ፣ ለደንበኛው የሚነግረውን ግን በቁርጥ ማድረግ ነው። የሰዓቱ ዋጋ የራስ መለኪያ ሆኖ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን መለኪያ ለማግኘት አንዲት ጀማሪ ዲዛይነር እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። ለኑሮዋ በወር 30,000 ብር ያስፈልጋታል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራት፣ ለትራንስፖርትና ላፕቶፗ ሲያረጅ ለመቀየሪያ የሚጠራቀመው 6,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 36,000 ይሆናል። በወር 180 ሰዓት ትሠራለች፤ ሁሉም ግን ደንበኛ የሚከፍልበት ሰዓት አይደለም። ሥራ ፍለጋው፣ ስልኩ፣ ማተሚያ ቤት መመላለሱና ቀሪ ሂሳብ ማስታወሱ ግማሹን ይበላዋል። 36,000ን ለ180 ያካፈለ ሰው 200 ብር ይበቃኛል ብሎ ይሳሳታል። የሚከፈልባቸው ሰዓቶች 90 ብቻ ስለሆኑ ትክክለኛው 400 ብር ነው። በዚህ ላይ ግብርና ሥራ የማይገኝባቸው ወራት ስላሉ፣ 400 ብር ዝቅተኛው እርከን እንጂ ትርፍ አይደለም።

አሁን የካፌው ሥራ መጣ፤ ሎጎና አራት ገጽ ሜኑ። ዲዛይነሯ ሥራውን በየደረጃው ትከፋፍለዋለች። ከባለቤቱ ጋር መነጋገርና የአካባቢውን ካፌዎች ማየት 2 ሰዓት፣ በእርሳስ ንድፍ ማውጣት 5፣ የተመረጠውን በኮምፒውተር መጨረስ 4፣ ሜኑውን ማዘጋጀት 6፣ እርማት 3፣ ለማተሚያ የሚሆኑ ፋይሎችን ማሰናዳት 2። ድምሩ 22 ሰዓት፣ በ400 ሲባዛ 8,800 ብር ነው። ጀማሪ ሲገምት ሁልጊዜ ያሳንሳልና ሩብ ያህል፣ ማለትም 2,200 ትጨምርበታለች። ለባለቤቱ የምትነግረው ቁርጥ ዋጋ 11,000 ብር ይሆናል።

ቁርጥ ዋጋ የሚያዋጣው ግን ሥራውም ቁርጥ ሲሆን ነው። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው ዋጋ በማሳነሱ ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ቆርጦ ሥራውን ክፍት በመተዉ ነው። ሎጎው ካለቀ በኋላ የባለቤቱ ወንድም ይመጣና ቀለሙ አልተስማማኝም ይላል፤ ሜኑው ሊታተም ሲል የምግብ ዋጋ ይቀየራል፤ “በዚያው ደግሞ ለቴሌግራም የምትሆን አንዲት ፖስተር” ይጠየቃል። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሚመስል እምቢ ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ቀብድ ከመቀበሏ በፊት በቴሌግራም መልእክትም ቢሆን በጽሑፍ ትልካለች፤ ሦስት የሎጎ አማራጭ፣ አራት ገጽ ሜኑ፣ ሁለት ዙር እርማት፣ ከዚያ በላይ ለሚመጣ እርማት በሰዓት 400 ብር፣ ሕትመቱን ባለቤቱ ራሱ ለማተሚያ ቤቱ ይከፍላል። ግማሹ 5,500 ብር በቅድሚያ ይገባል። ቀሪው እስኪከፈል ድረስ ባለቤቱ የሚያየው ለሕትመት የማይበቃ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ምስል ነው፤ ሲከፈል ቢልቦርድ ድረስ ቢለጠጥ የማይደበዝዘው የቬክተር ፋይል ይሰጠዋል።

ሥራው በስምምነቱ ውስጥ 25 ሰዓት ፈጀ እንበል። በሰዓት 440 ብር አገኘች፤ የጨመረችው ሩብ ጠቅሟታል። የወንድምየው ሐሳብ ሌላ 6 ሰዓት ቢያስጨምር 2,400 ብር ተከፍሎ ድምሩ 13,400 ይሆናል። ገደብም መጠባበቂያም ሳትይዝ 8,800 ብር ብላ ቢሆን ኖሮ፣ 31 ሰዓት ሠርታ በሰዓት 284 ብር ብቻ ታገኝ ነበር። ከእርከኗ በታች ነው፤ ደንበኛውም ስለ ሰዓቱ አያውቅም።

ባለቤቱ “ትንሽ ቀንሽልኝ” ማለቱ አይቀርም። ያኔ ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ዋጋ ከመቀበል ሥራውን መቀነስ ይበልጣል፤ ሜኑው ሁለት ገጽ ይሁን ወይም የሎጎው አማራጭ ከሦስት ወደ ሁለት ይውረድ። ሰዓቱ ሲቀንስ ዋጋው ይቀንሳል፣ የሰዓቱ እርከን ግን አይነካም።

በሰዓት ማስከፈል የሚበልጥበት ጊዜም አለ። ሌላ ሰው የጀመረውን የተዝረከረከ ፋይል ማስተካከል አንዱ ነው፤ ከፍተው እስኪያዩት ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ሌላው ባለቤቱ የሚፈልገውን ራሱ ገና ያልለየበት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ደንበኛውን የሚያረጋጋው ጣሪያ ማስቀመጥ ነው፤ “በሰዓት 400፣ ግን ከ5 ሰዓት አያልፍም” ማለት። በእነዚያ ሰዓታት የሚፈለገው ሲለይ ቀሪው ወደ ቁርጥ ዋጋ ይዞራል።

ሁሉም የሚያርፈው ሰዓት በመመዝገብ ላይ ነው። በቁርጥ የምትሠራ ዲዛይነርም ሥራ ስትጀምርና ስታቆም በስልኳ ሰዓት ትይዛለች፣ የተከፈላትንም ለፈጀው ሰዓት ታካፍላለች። ሦስት አራት ሥራ ከተመዘገበ በኋላ ሰዓት የሚበላው የቱ ደረጃ እንደሆነ ይታያል። እርማቱ ከሆነ ገደቡ ጠበቅ ይላል፤ ንድፉ ከሆነ የቀጣዩ ሥራ ግምት ይስተካከላል። መዝገቡ ሌላም ነገር ያሳያል። ከዓመት በኋላ ያው የካፌ ሥራ በ14 ሰዓት ቢያልቅ፣ በሰዓት የምታስከፍል ከሆነ 5,600 ብር ታገኛለች፤ ፍጥነቷ ገቢዋን ቀነሰው ማለት ነው። በቁርጥ ከሆነ ግን 11,000 ብሩ እንዳለ ሆኖ ሰዓቷ ወደ 786 ብር ያወጣል። በጀማሪነት ሰዓት እየቆጠሩ በቁርጥ መዋዋልን የለመደ ሰው፣ እጁ ሲፈታ ጥቅሙ ለራሱ ይቀራል።